የሼደር ካሽ ቆሻሻ አይደለም፦ ጌም መጀመሪያ ሲከፈት ለምን ይቆራረጣል?

ጥያቄ፦ «አዲስ ጌም በጫንኩ ቁጥር የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ያስመርረኛል። ፍንዳታ ሲኖር ወይም አዲስ ቦታ ስገባ ስክሪኑ ለቅጽበት ቀጥ ይልና ይቀጥላል። ካርዴ አርቲኤክስ 3060፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ነው፤ ስለዚህ አቅም ያንሰዋል ብዬ አላምንም። ጓደኛዬ የሼደር ካሽ ቆሻሻ ስለሚያጠራቅም በየሳምንቱ አጥፋው ብሎኝ በማጽጃ ፕሮግራም እያጠፋሁ ነው። ድራይቨሩንም አዲስ በወጣ ቁጥር እቀይራለሁ። ግን እየባሰበት ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ማጥፋቱን ያቁሙ። የሼደር ካሽ ኮምፒውተርዎ አንድ ጊዜ ደክሞ የሠራውን ሥራ፣ ነገ እንደገና እንዳይሠራው ብሎ ያስቀመጠበት ማኅደር ነው። በየሳምንቱ ሲያጸዱት የሚያስወግዱት ቆሻሻ ሳይሆን ያንን ሥራ ነው፤ ከዚያም ጌሙን ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ከሀ ብሎ ይጀምራል። ያማረሩበት የመጀመሪያ ሰዓት በየሳምንቱ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጓደኛዎ በክፋት አልመከሩዎትም፤ ካሹን ማጥፋት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። እንደ ልማድ ሲያዝ ግን ራሱ በሽታው ይሆናል።

ሼደር ማለት በግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም ነው። አንዱ የገጸ ባሕሪውን አካል በስክሪኑ ላይ የት እንደሚያርፍ ያሰላል፣ ሌላው ግድግዳው ላይ የወደቀው ብርሃን ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሰጥ ይወስናል፣ ሌላው ደግሞ ጭሱን ያሳሳዋል። የጌሙ ሠሪዎች እነዚህን ፕሮግራሞች ጽፈው ሲጨርሱ ወደ እርስዎ የሚልኩት ካርዱ በቀጥታ በሚረዳው ቋንቋ አይደለም። በዳይሬክትኤክስ 12 ለሚሠራ ጌም DXIL በሚባል፣ በቩልካን ለሚሠራ ደግሞ SPIR-V በሚባል መካከለኛ ኮድ ነው የሚልኩት። የመጨረሻውን ትርጉም፣ ማለትም ከመካከለኛው ኮድ ወደ እርስዎ ካርድ የራሱ መመሪያ የሚወስደውን እርምጃ፣ የሚሠራው እርስዎ ቤት ያለው ድራይቨር ነው። ልብስ እንደማሰፋት ይቁጠሩት፤ ጨርቁ ተመርጦና ተቆርጦ ይመጣል፣ በልክዎ የሚሰፋው ግን እቤትዎ ነው። ኮምፓይል ማድረግ የምንለው ይህንን ስፌት ነው።

እዚህ ላይ በጥያቄዎ ውስጥ ያለውን አንድ ግምት ላርመው። ስፌቱን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ አይደለም፣ ፕሮሰሰሩ ነው። ስለዚህ የካርድዎ ጉልበት በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ከ3060 እጅግ የሚበልጥ ካርድ ያለው ሰው ፕሮሰሰሩ ደካማ ከሆነ ከእርስዎ የባሰ ሊቆራረጥበት ይችላል። የካርድዎን ስም ጽፈውልኛል፣ እዚህ ላይ ይበልጥ የሚያስፈልገኝ ግን የፕሮሰሰርዎ ስም ነበር። የምስል ጥራቱን ዝቅ በማድረግም ብዙ አያተርፉም። እንዲያውም በጨዋታ መሐል የጥላውን ወይም የብርሃኑን ጥራት ሲቀይሩ ጌሙ ከዚያ በፊት ያልተጠቀመባቸውን ሼደሮች ሊጠራ ስለሚችል አዲስ የኮምፓይል ሥራ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

አሁን መቆራረጡ ራሱ እንዴት እንደሚፈጠር በቅርበት እንየው። ጌምዎ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያሳይ ከሆነ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ጠላት ቦምብ ወረወረ እንበል፤ ይህ ፍንዳታ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ታይቶ አያውቅም፣ ለእሳቱ፣ ለጭሱና ለፍንጣሪው ሦስት ያልተሰፉ ሼደሮች ያስፈልጉታል። እያንዳንዳቸው 40 ሚሊሰከንድ ቢወስዱና ጌሙ በተራ ቢጠብቃቸው ድምሩ 120 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰባት ፍሬሞች ማለፍ ነበረባቸው፤ አንዳቸውም አልወጡም። ዓይንዎ ያየው «ቀጥ ማለት» ይህ ነው። ካርዱ በዚህ መሐል ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፣ የሚለፋው ፕሮሰሰሩ ነው። ሁለተኛው ቦምብ ሲፈነዳ ግን ስፌቱ አልቋልና ምንም አይሰማዎትም። አንዳንድ ሼደሮች ከ40 ሚሊሰከንድ በታች ያልቃሉ፤ ረጅምና ውስብስብ የሆኑት ግን መቶዎችን ሊበሉ ይችላሉ።

«ድሮ እኮ እንዲህ አይነት ነገር አልነበረም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ከፊሉ እውነት ነው። በዳይሬክትኤክስ 11 ጊዜ ሼደሩ ለብቻው፣ የቀለም ቅልቅሉ ለብቻው፣ የጥልቀት ደንቡ ለብቻው ይሰጥ ስለነበር ድራይቨሩ በራሱ ብልሃት ከጀርባ እየሠራ ብዙውን ችግር ይደብቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዳይሬክትኤክስ 12 እና በ2016 የወጣው ቩልካን ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ አስረው «ፓይፕላይን» የሚባል አንድ ጥቅል አደረጓቸው። ዓላማው መልካም ነበር፤ ጥቅሉ አስቀድሞ ከተሠራ በጨዋታ ጊዜ ምንም የሚያስገርም ነገር አይኖርም። ኃላፊነቱ ግን ከድራይቨሩ ወደ ጌም ሠሪው ዞረ። አንድ ዓይነት ሼደር በአንድ ቦታ ከሚያሳልፍ መስታወት ጋር፣ በሌላ ቦታ ከማያሳልፍ ግድግዳ ጋር ከተጠቀሙበት ሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ናቸው፤ በትልቅ ጌም ውስጥም የጥቅሎቹ ቁጥር ወደ ብዙ ሺዎች ይወጣል። ሠሪው የትኛው ጥቅል መቼ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ካላወቀ ጌሙ የሚያውቀው ቦምቡ ሲፈነዳ ነው።

ታዲያ ሠሪዎቹ ለምን ተሰፍቶ ያለቀውን አይልኩም? ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ይልካሉ፤ እዚያ ያለው ቺፕ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ሼደሩ በልኩ ተሰፍቶ ነው ዲስኩ ላይ የሚመጣው። ስቲም ዴክም አንድ ዓይነት ቺፕ ስላለው ቫልቭ ሌላ ቦታ ላይ የተሰፋውን ሰብስቦ ከጌሙ ጋር ያወርድለታል። በፒሲ ግን የካርዱ ዓይነት ብዙ ነው፣ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ሊኖር የሚችለው የድራይቨር ቁጥር ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ አንዱ ለሌላው የሰፋውን አይለብስም። ማይክሮሶፍት ይህንኑ የስቲም ዴክ መንገድ ወደ ዊንዶውስ ለማምጣት እ.ኤ.አ. በ2025 በኤክስቦክስ ስም ከወጣው በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር ጋር ጀምሯል። ለእርስዎ ዓይነት የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን ዛሬ መፍትሔዬ ብለው የሚጠብቁት ነገር አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ጌሙ መጀመሪያ ሲከፈት፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ሁሉንም ጥቅሎች በአንድ ጊዜ መስፋት ነው። በዋናው ሜኑ ላይ «ሼደር እየተዘጋጀ ነው» የሚል መስመር እየሞላ ሲሄድ ያዩት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 1 ለፒሲ ሲወጣ ይህ መስመር በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ለረጅም ደቂቃዎች፣ በደካማ ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ እየቆየ ሰውን ያስመርር ነበር። ሰዎች መጠበቁ ሲያሰለቻቸው ሜኑውን ጥሰው ወደ ጨዋታው ይገባሉ፤ ያልተጠናቀቀው ሥራም ጨዋታው መሐል ላይ ይከተላቸዋል። መስመሩ እስኪሞላ የቆዩትን ደቂቃዎች ሜኑው ላይ ካልከፈሏቸው ውጊያው መሐል ይከፍሏቸዋል።

ይህም ቢሆን ሁሉንም አይሸፍንም። አንሪል ኢንጂን በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠሩ ብዙ ጌሞች ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ሞካሪዎች ጌሙን ሲጫወቱ የታየውን ጥቅል በመመዝገብ ነው፤ ሞካሪው ያልገባበት ዋሻ ወይም ያልገዛው መሣሪያ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በአዳዲሶቹ የአንሪል 5 እትሞች ላይ ዕቃው ወደ ሜሞሪ ሲገባ ጥቅሉ ከጀርባ መሰፋት እንዲጀምር የሚያደርግ ዘዴ ገብቷል፤ ብዙ አሻሽሏል፣ ግን ዕቃው ገብቶ ወዲያው ከታየ ጊዜ አይበቃውም። ስለዚህ ካሹን በትክክል ቢይዙትም ጥቂት ቁርጥራጮች ይቀራሉ፤ እነሱን እርስዎ ሊያጠፏቸው አይችሉም፣ የሠሪው ሥራ ናቸው።

የተሰፋው የሚቀመጠው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ይህን ማወቅ ማጽጃ ፕሮግራምዎ ምን ሲነካ እንደነበረ ያሳይዎታል። አንደኛው ራሱ ጌሙ የሚይዘው ነው። በአንዳንድ የአንሪል ጌሞች ውስጥ `Saved` በሚለው ፎልደር ገብተው ቢያዩ በ`D3DDriverByteCodeBlob_V4318_` የሚጀምርና በ`.ushaderprecache` የሚያልቅ ፋይል ያገኛሉ። V4318 ማለት የኤንቪዲያ የኩባንያ መለያ ቁጥር ነው፤ ከ`D` ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ደግሞ የካርዱ ሞዴል ነው። ፋይሉ በስሙ ላይ የማን ልክ እንደሆነ ጽፎ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ሁለተኛው ዊንዶውስ የሚይዘው ሲሆን ሦስተኛውና ብዙውን ጊዜ ትልቁ ድራይቨሩ ራሱ የሚይዘው ነው። በኤንቪዲያ ካርድ ላይ እነዚህ ሁለቱ የሚገኙት እዚህ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር የዊንዶውሱ፣ የቀሩት ሁለቱ የድራይቨሩ ናቸው፦

```
%LOCALAPPDATA%\D3DSCache
%LOCALAPPDATA%\NVIDIA\DXCache
%USERPROFILE%\AppData\LocalLow\NVIDIA\PerDriverVersion\DXCache
```

ሦስተኛውን መስመር ልብ ይበሉልኝ። ፎልደሩ «በየድራይቨሩ እትም» የሚል ስም አለው፤ አዳዲሶቹ ድራይቨሮች የሚጠቀሙት ይህንን ነው። የሁለተኛው ጥፋትዎ ምክንያት በዚህ ስም ውስጥ አለ። ድራይቨሩ አንድ የተቀመጠ ጥቅል ለመጠቀም ሲያነሳ ጥቅሉ የተሰፋው በዚሁ ካርድና በዚሁ ድራይቨር መሆኑን ያረጋግጣል። ዳይሬክትኤክስ 12 ለዚህ ሁለት የስሕተት መልሶች አሉት፤ ካርዱ ከተለወጠ `D3D12_ERROR_ADAPTER_NOT_FOUND`፣ ድራይቨሩ ከተለወጠ `D3D12_ERROR_DRIVER_VERSION_MISMATCH` ይመልስና ጌሙ ጥቅሉን እንደገና እንዲሰፋ ይገደዳል። ድራይቨሩ ሲለወጥ ተርጓሚው ተለውጧልና ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ አሮጌው ትርጉም ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከአዲሱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ውጤቱ ግን እርስዎ አዲስ ድራይቨር በጫኑ ቁጥር በኮምፒውተርዎ ላይ ያሉት የሁሉም ጌሞች ካሽ አንድ ጊዜ ዋጋ ያጣል የሚል ነው። የጌሙ ዝማኔም ሼደሮቹን ከነካ የተነኩትን ያህል ያስጥላል፤ የሌሎቹን ጌሞች ግን አይነካም። አራተኛው ምክንያት ቦታ ነው። ድራይቨሩ ለካሹ የመጠን ገደብ ስላለው ገደቡ ሲሞላ አሮጌውን እየጣለ አዲሱን ያስገባል፤ ብዙ ትላልቅ ጌሞችን እያፈራረቁ የሚጫወቱ ከሆነ አንዱ የሌላውን ሲያስወጣ ይኖራል።

ይህ ነገር በሌላ መልክ ሲመጣ በአንድ ጌም ቤት ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባለቤቱ አሥር አንድ ዓይነት ኮምፒውተሮች ገዝቶ ነበር፤ ደንበኞቹ ጠዋት ጠዋት ጌሙ ይቆራረጣል እያሉ ያማርራሉ፣ ማታ ማታ ግን ማንም አያማርርም። ባለቤቱ ኃይሉ ጠዋት ዝቅ ስለሚል ነው ብሎ አምኖ ስታቢላይዘር ሊገዛ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ላይ ግን ደንበኛው የነካካውን ሁሉ በየማስነሻው የሚሰርዝና ዲስኩን ወደነበረበት የሚመልስ ሶፍትዌር ተጭኗል። ማታ ሲጠፉ ቀኑን ሙሉ የተሰፋው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ ስፌቱን ይጀምራል፣ ማታ የሚመጣው ያለቀለትን ይጫወታል። የሠራነው ይህ ነው፦ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ጥበቃውን አንስተን እያንዳንዱን ጌም ከፍተን የሜኑው መስመር እስኪሞላ ጠበቅን፣ ዋና ዋና ካርታዎቹን አንድ አንድ ዙር ተጫወትናቸው፣ ከዚያ ጥበቃውን መልሰን አበራነው። ካርዱም፣ ድራይቨሩም፣ የጌሙ እትምም በሁሉም ላይ አንድ ስለነበር ያንኑ የዲስክ ቅጂ ወደ ዘጠኙ ገለበጥነው። የጠዋቱ ምሬት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ድራይቨር የሚቀይረው ሁሉንም ኮምፒውተር በአንድ ቀን፣ ይህንኑ ሥራ ደግሞ ለመሥራት ጊዜ ሲኖረው ብቻ ነው።

የእርስዎን ነገር በዚሁ ሚዛን ይመዝኑት። በሳምንት አንድ ጊዜ ማጥፋት በወር አራት ጊዜ ነው፤ ድራይቨር መቀየሩ ሲጨመርበት በወር ቢያንስ አምስት ጊዜ ከዜሮ ይጀምራሉ። በሳምንት አምስት ሰዓት ከተጫወቱ ከአምስቱ አንዱ ሁልጊዜ «የመጀመሪያው ሰዓት» ነው። ሦስት ጌሞች እያፈራረቁ ከተጫወቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የመጀመሪያ ሰዓት በየሳምንቱ ይጠይቁዎታል። «እየባሰበት ነው» ያሉት ስለዚህ ነው፤ ኮምፒውተርዎ አልደከመም።

ይሁንና መቆራረጥ ሁሉ የሼደር አይደለም፤ ከመወሰንዎ በፊት ይለዩት። ዘዴው ቀላል ነው። አንድ የተቆራረጠበትን የአምስት ደቂቃ ክፍል ይምረጡ፣ ከዚያው ቦታ መልሰው ይጫወቱት፤ ጌሙን ዘግተው ከፍተውም ለሦስተኛ ጊዜ ይጫወቱት። በመጀመሪያው ላይ የነበሩት ቀጥ ማለቶች በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ከጠፉ የሼደር ነበሩ። በሁለተኛው ጠፍተው ጌሙ ተዘግቶ ሲከፈት ከተመለሱ ሼደሩ ይሰፋል ግን አይቀመጥም ማለት ነው፤ የካሽ ቅንብሩ ጠፍቷል፣ ዲስኩ ሞልቷል፣ ወይም አንድ ፕሮግራም እያጸዳው ነው። በሦስቱም ላይ አንድ በር ሲያልፉ ወይም አንድ ድልድይ ሲሻገሩ በዚያው ቦታ የሚደገም ከሆነ ግን ጌሙ የሚቀጥለውን አካባቢ ከዲስክ ሲጭን የሚፈጠር ነው፤ ካሹን ቢያጠፉትም ቢይዙትም አይለወጥም። በተጫወቱ ቁጥር እየባሰ የሚሄድና ጥራቱን ዝቅ ሲያደርጉ የሚሻል ከሆነ ደግሞ የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ይሆናል። የፍሬም ጊዜን በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ ካለዎት የሼደሩ ምልክት ከሌሎቹ ይለያል፦ ጸጥ ባለ መስመር መሐል ብቻዋን ብድግ የምትል ረጅም እሾህ፣ በዚያች ቅጽበትም የካርዱ ሥራ ዝቅ ብሎ የፕሮሰሰሩ ሲወጣ ይታያል።

የሼደር መሆኑን ካረጋገጡ የማሳስብዎት እንደሚከተለው ነው። ማጽጃ ፕሮግራሙን ከነጭራሹ ያስወግዱት፤ የዊንዶውሱን የራሱን ማጽጃ የሚጠቀሙ ከሆነም `DirectX Shader Cache` የሚለው ላይ ምልክት ካለ ያንሱት። በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ `Manage 3D settings` ገብተው `Shader Cache Size` የሚለውን ወደ 10 ጊጋባይት ያድርጉት፤ `Disabled` ላይ ከሆነ ደግሞ የችግርዎን ግማሽ እዚያው አግኝተዋል። `Unlimited` የሚለውን ምርጫ አልመክርም፤ የሚጠቅምዎት ነገር የለም፣ ዲስክዎ ጠባብ ከሆነ ግን ሳይታወቅ ይሞላል፣ የሞላ ዲስክ ደግሞ አዲሱን ካሽ መጻፍ ይከለክላል። ካሹ በአብዛኛው ዊንዶውስ ባለበት ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ያ ዲስክ ኤስኤስዲ ይሁን። ድራይቨር ደግሞ ምክንያት ሲኖርዎት ብቻ ይቀይሩ፤ ሊጫወቱት ያሰቡት አዲስ ጌም የሚጠይቀው ከሆነ፣ ያለብዎትን ችግር የሚያርም ከሆነ ወይም የደኅንነት ማስተካከያ ካለው ይበቃል። ሲቀይሩም ጨዋታ ሊጀምሩ በተቀመጡበት ምሽት አይሁን። ቀን ላይ ይጫኑት፣ የሚጫወቷቸውን ጌሞች አንድ በአንድ ከፍተው መስመሩ እስኪሞላ ይተዉአቸውና ሌላ ሥራዎን ይሥሩ።

ያ መስመር ሲሞላ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ መሥራቱና ፋኑ መጮሁ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሁሉም ኮሮች የሚሠሩበት ከባድ ሥራ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ግን ቻርጀሩን ይሰኩት። መብራት በመሐል ከሄደ አንዳንዱ ጌም ከቆመበት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ እንደገና ይጀምራል፤ ሁለቱም ጌሙን አያበላሹም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላስጠንቅቅዎ። ኮምፒውተሩ በዚህ ሥራ መሐል ደጋግሞ ከወደቀ፣ ወይም የካርዱ ሜሞሪ ሳይሞላ «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት ካወጣ፣ ጥርጣሬዎን ከካሹ አንስተው ወደ ፕሮሰሰሩ ያዙሩት። በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች ላይ በቮልቴጅ ምክንያት የሚመጣ አለመረጋጋት እንዳለ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 አምኖ ማስተካከያውን በባዮስ በኩል አውጥቷል። ያንን ጉድለት ለብዙ ሰው በመጀመሪያ ያጋለጠው ይኸው የሼደር ኮምፓይል ነበር። ፕሮሰሰርዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ የማዘርቦርድዎን ባዮስ ያድሱ፤ ካሽ በማጥፋት ጊዜዎን አያባክኑ።

ካሹን ማጥፋት ተገቢ የሚሆነው በሁለት ሁኔታዎች ነው። አንደኛው ድራይቨር ወይም ጌም ከተለወጠ በኋላ ምስሉ ሲበላሽ ነው፤ ጥቁር ሦስት ማዕዘን፣ የሚያብለጨልጭ ግድግዳ፣ ያለ ጥላ የሚንሳፈፍ ሰው የመሳሰለው። ሁለተኛው ጌሙ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ሲዘጋና የጌሙን ፋይሎች ማረጋገጥ ሳይፈታው ሲቀር ነው። ያን ጊዜ በመጀመሪያ ጌሙ የራሱን ካሽ እንደገና እንዲሠራ የሚያዝ ምርጫ በሜኑው ውስጥ ካለው በእሱ ይጀምሩ፣ ሌሎቹን ጌሞች አይነካምና። ካልሆነ ግን `Shader Cache Size` የሚለውን `Disabled` ያድርጉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱ፣ ከላይ ባሳየሁዎት ፎልደሮች ውስጥ ያለውን ይሰርዙ፣ ቅንብሩን ወደ 10 ጊጋባይት ይመልሱና እንደገና ያስነሱ። አጥፍተው እንዲያስነሱ የምለው ፋይሎቹ በሥራ ላይ እያሉ ስለማይሰረዙ ነው፤ የማይሰረዝ ፋይል ካጋጠመዎት በግድ አይታገሉት፣ ይዝለሉት። ፎልደሮቹን ራሳቸውን ሳይሆን በውስጣቸው ያለውን ብቻ ይሰርዙ። የኤኤምዲ ካርድ ያለው አንባቢ ይህን ሁሉ ሳይደክም በመቆጣጠሪያው ውስጥ `Reset Shader Cache` የሚለውን መጫን ይበቃዋል። ይህን ካደረጉ በኋላ አንድ የመጀመሪያ ሰዓት እንደሚመለስብዎት አስቀድመው ይወቁ፤ የከፈሉት ዋጋ ነው፣ ብልሽት አይደለም።

ከኢንተርኔት «ያለቀ ካሽ» እያሉ የሚያቀርቡትን ፋይል አውርደው አይገልብጡ። በጌም ቤቱ የሠራው ካርዱ፣ ድራይቨሩና የጌሙ እትም ሁሉም አንድ ስለነበሩና ከየት እንደመጣ ስለምናውቅ ነው። የማያውቁት ሰው ፋይል ከሦስቱ አንዱ ቢለይ ድራይቨሩ ይጥለዋል፤ ምንጩ የማይታወቅ ፋይል ደግሞ በራሱ አደጋ ነው።

ከዛሬ ጀምረው ለአራት ሳምንታት ካሹንም ድራይቨሩንም ሳይነኩ ይተዉ። በመጀመሪያው ሳምንት ልዩነቱን ብዙም ላያስተውሉት ይችላሉ፣ ኮምፒውተሩ የጣሉትን እየሰፋ ነውና። በሁለተኛው ሳምንት በሚያውቋቸው ቦታዎች ላይ ቀጥ ማለቱ መጥፋት አለበት። በአራተኛውም ሳምንት ብዙ ጊዜ በተጫወቱበት ካርታ ላይ ከቀጠለ የፕሮሰሰርዎን ስም፣ የቀረውን የዲስክ ቦታና በሦስቱ የአምስት ደቂቃ ሙከራዎች ላይ ያዩትን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ያን ጊዜ የምንፈልገው ከሼደር ውጭ ያለ ነገር ነው።